አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ለመጠየቅ የሚቀርብ የማስረጃ ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

በንግድ ቤቶቻችን ከክፍል ኀላፊዎች ወደ ባለቤቱ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል «ሥራ በዝቶብናልና አንድ ሰው ይጨመርልን» የሚለውን ያህል ደጋግሞ የሚሰማ፥ እንደ እርሱም ያህል መልስ ሳያገኝ የሚቀር ጥቂት ነው። የዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኀላፊው የሚያቀርበው ድካሙን ነው፤ ባለቤቱ ግን የሚጠየቀው በየወሩ የሚወጣ ደመወዝ ነው። ድካም በሰዓት፥ ሰዓትም በብር ካልተተረጐመ፥ ባለቤቱ የሚያመዛዝነው ነገር አያገኝምና «እስቲ እናየዋለን» ብሎ ያሳልፈዋል። ነገሩም በዚያው ይቀራል፤ ሥራው እየዘገየ፥ ደንበኛው እየሸሸ፥ የቆየው ሠራተኛም ሌላ ቦታ እየፈለገ ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም፥ ዘወትር ሥራ የሚበዛበት አንድ ክፍል አንድ ሰው እንዲጨመርለት የሚያቀርበው ጽሑፍ ከምን ከምን እንደሚሠራ፥ በውስጡም ያለው ስሌት እንዴት ታማኝ እንደሚሆን ነው። ትምህርቱ እንዲጨበጥ በከተማችን በባቱ ያለ አንድ ንግድ ቤት በምሳሌነት እናስብ። ስሙ የለም፤ አሃዙም ለመማሪያ እንዲመች የተስተካከለ ነው። አሠራሩ ግን በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ለሚያለሙት ገበሬዎች ዕቃ የሚያቀርብ ማንኛውም ባለ ሱቅ የሚያውቀው ነው።

ይህ ንግድ ቤት የውሃ ፓምፕና መለዋወጫውን፥ የጠብታ መስኖ ቱቦ፥ የአትክልት ዘርና ፀረ ተባይ ይሸጣል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሞጆና በመቂ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል። በሒሳብና በዕቃ ቤት ክፍሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የሒሳብ ሹሙ፥ ገንዘብ ያዡና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ናቸው። የሒሳብ ሹሙ በየወሩ መጨረሻ እስከ ምሽት ይቀመጣልና «ተጨማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ይቀጠርልኝ» ሲል ደጋግሞ ጠይቋል። ይህ ጥያቄ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

1. በመጀመሪያ የሰው ዓቅም ይቆጠር

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል፥ ሦስት ሰዎችም 144 ሰዓት ይሠራሉ ብለው ይጀምራሉ። እንዲህ ከተቆጠረ ግን ክፍሉ ያልተጫነ ይመስላል። እውነተኛው ዓቅም ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በዓመት 312 ቀን ይቆጠርለታል። ከዚህ ላይ የዓመት ዕረፍት ይነሣል፤ ይህም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ ከአገልግሎት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ነው። የሕዝብ በዓላትና ጥቂት የሕመም ቀናትም ሲቀነሱ በጠቅላላው 34 ቀን ያህል ይጎድላል። እንግዲህ 278 ቀን ይቀራል ማለት ነው። በቀኑ ውስጥም ከ8ቱ ሰዓት አንዱ ወደ ባንክ በመመላለስ፥ ዕቃ በመፈለግ፥ ለጠያቂ መልስ በመስጠትና በመሳሰለው ያልፋል። ስለዚህ 278 ቀን በ7 ሰዓት ተባዝቶ ለ52 ሳምንት ሲካፈል የአንዱ ሰው እውነተኛ ዓቅም በሳምንት 37 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆናል። የሦስቱ ተደምሮ 112 ሰዓት ነው።

ይህን ስሌት ባለቤቱ እንዲቀበለው የበዓሉና የፈቃዱ ቀን ከራሱ ከድርጅቱ የፈቃድ መዝገብ ተወስዶ መጻፍ አለበት። በግምት የተጻፈ አሃዝ አንዱ ከተነቀፈ ሌላውም ሁሉ ይጠረጠራል።

2. ቀጥሎ ሥራው ይቆጠር

ሥራ የሚቆጠረው በሁለት ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚሠራና አንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። ስንት ጊዜ የሚለውን ከደረሰኝ ጥራዝ ማግኘት ቀላል ነው። ደቂቃውን ግን ከሠራተኛው አፍ መጠየቅ አያስተማምንም፤ የደከመ ሰው ሁሉ ከሆነው በላይ ይናገራልና። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ዓይነት ሥራ 20 ጊዜ ያህል በሰዓት ተለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው።

የሚለካበት ጊዜም መመረጥ አለበት። በባቱ በመስኖ የሚዘራበት የኅዳር ወር ሱቁ ይጨናነቃል፤ ዝናብ በሚበዛበት በነሐሴ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት በነሐሴ፥ ሁለት ሳምንት በኅዳር ተለክቶ አማካዩ ይያዝ። በምሳሌያችን የተገኘው እንዲህ ነው።

በሳምንት 420 የሽያጭ ደረሰኝ አለ። እያንዳንዱን በመዝገብ ማግባት 4 ደቂቃ ይፈጃልና 28 ሰዓት ይሆናል። ያንኑ ዕቃ ከመደርደሪያ አውጥቶ፥ በካርድ ቀንሶ ለገዢው ማስረከብ 6 ደቂቃ ነውና 42 ሰዓት ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን 45 ዓይነት ዕቃ ማራገፍ፥ መቁጠርና በካርድ ማስገባት እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ስለሚወስድ 30 ሰዓት ነው። የገንዘብ ቆጠራና የባንክ ጉዳይ 9 ሰዓት፥ የዱቤ ደንበኞች ሒሳብ 10 ሰዓት፥ የደመወዝ፥ የግብርና የጡረታ መዋጮ ሥራ በሳምንት ሲታሰብ 8 ሰዓት ይፈጃል። ጠቅላላው 127 ሰዓት ነው።

ዓቅሙ 112፥ ሥራው 127 ከሆነ 15 ሰዓት ይተርፋል። ይህ ስሌት እውነት መሆኑ የሚታወቀው በደመወዝ መክፈያው ላይ ያለው የዓመቱ የትርፍ ሰዓት ለ52 ሳምንት ተካፍሎ ወደ 15 ሰዓት የተጠጋ ሆኖ ሲገኝ ነው። ሁለቱ እጅግ ከተራራቁ አንደኛው አለካክ ስሕተት አለበትና ጽሑፉ ከመቅረቡ በፊት ይመርመር።

ከዚህ ላይ ደግሞ መሠራት ሲገባው የማይሠራ ሥራ መደመር አለበት፤ ይህ በማንም የትርፍ ሰዓት መዝገብ ላይ አይታይምና ብዙ ጊዜ ይረሳል። በምሳሌያችን ቶሎ የሚሸጡትን ዕቃዎች በየሳምንቱ የመቁጠር ሥራ 10 ሰዓት፥ ቀነ ቀጠሮ ያለፈባቸውን ባለዕዳዎች የመከታተል ሥራ 8 ሰዓት ይፈልጋል። ሁለቱም ከተዉ ቆይተዋል። ሲደመር 145 ሰዓት ሆነ።

3. ሰው ከመጠየቅ በፊት የሚቀር ሥራ ይቅር

ባለቤቱ ጽሑፉን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «አሁን ያሉት ሰዎች ሥራውን በሌላ መንገድ ሊጨርሱት አይችሉምን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እርሱ ሳያነሣው ኀላፊው ራሱ አንሥቶ መመለስ ይገባዋል።

በምሳሌያችን ገንዘብ ያዡ የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ ያተመውን ሁሉ እንደ ገና በደብተር ሲገለብጥ ተገኘ። ደብተሩ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት የተጀመረ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ሰው የለም። ይህ ሲቀር በእያንዳንዱ ደረሰኝ 1 ደቂቃ፥ በሳምንት 7 ሰዓት ይተርፋል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሥራ 138 ሰዓት ሆነ፤ ከዓቅሙ ጋር ሲነጻጸርም 26 ሰዓት ይጎድላል።

እነዚህ 7 ሰዓቶች በኋላ በገንዘቡ ስሌት ላይ እንደ ገና እንዳይቆጠሩ መጠንቀቅ ያሻል። ደብተሩን በማስቀረት የተገኘው ቁጠባ የደብተሩ እንጂ የአዲሱ ሠራተኛ አይደለም። አንድ ሰዓት ለሁለት ምክንያት ከተቈጠረ ሒሳብ የሚያውቅ ባለቤት ወዲያው ያየዋል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ብዛቱ የወቅት ነው ወይስ የዘወትር የሚለው ነው። የወቅት ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፤ አዋጁ ለወቅታዊ ሥራና ከተለመደው በላይ ለበዛ ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል እንዲደረግ ይፈቅዳልና ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚቆይ ሠራተኛ ይበቃል። በምሳሌያችን በነሐሴ ደረሰኙ በሳምንት ወደ 350 ይወርዳል። በያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ 3 የመመዝገቢያና 6 የማስረከቢያ ደቂቃ አለና 70 ደረሰኝ ሲቀንስ 10 ሰዓት ተኩል ይቀንሳል። እንዲህም ሆኖ በሥራ በጣም በቀዘቀዘው ወር 127 ሰዓት ተኩል ሥራ ለ112 ሰዓት ዓቅም ይቀርባል። ስለዚህ ጉድለቱ የዘወትር ነው፤ ቋሚ ሰው መጠየቅም ተገቢ ይሆናል።

4. ሰውዬው የት ይቁም?

አሁን ወደ ሒሳብ ሹሙ ጥያቄ እንመለስ። እርሱ የጠየቀው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሥራው በቦታ ሲከፈል ግን ሌላ ነገር ይታያል። ዕቃ ማስረከብ 42፥ ዕቃ መረከብ 30፥ ቆጠራ 10 ሲደመር የዕቃ ቤቱ ሥራ 82 ሰዓት ነው፤ በዚያ ያለው ግን 37 ሰዓት ዓቅም ያለው አንድ ሰው ነው። የቀረው የቢሮ ሥራ 56 ሰዓት ሲሆን ሁለቱ የቢሮ ሰዎች 75 ሰዓት ያህል ዓቅም አላቸው። እንግዲህ የሒሳብ ሹሙ ማታ የሚቀመጠው የሒሳብ ሥራ ስለ በዛበት አይደለም፤ ቀን ጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ወደ ዕቃ ቤት እየተጠራ ዕቃ ሲቈጥር ስለሚውል ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ቢቀጠርለት ኖሮ ከፍ ያለ ደመወዝ ይከፈልና አዲሱም ሰው ያንኑ ዕቃ ሲቈጥር ይውል ነበር።

ስለዚህ ድካሙ የሚታይበት ቦታና ጉድለቱ ያለበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አንዱ መንገድ ወረቀቱ የት እንደሚከመር፥ ሰው ከየት ጠረጴዛ ወደ የት እንደሚጠራ ለጥቂት ቀን መመልከት ነው። በምሳሌያችን የሚጠየቀው የሥራ መደብ የዕቃ ቤት ረዳት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ዕውቀት ከውጭ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ስልክ ደዋዮች ስለሚጠብቁበት ሁኔታ ጥናት ማሳተም ጀመረ። ከዚያ የተነሣው ዕውቀት ለዕቃ ቤት መስኮትም ይሠራል። ገዢዎች ባልታወቀ ሰዓት የሚመጡ፥ የእያንዳንዱም ጉዳይ የሚወስደው ጊዜ የሚለያይ ሲሆን፥ ወረፋው ከሥራው ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ከ10 ሰዓት 8ቱን በሥራ ከተያዘ፥ 6 ደቂቃ ለሚፈጅ ጉዳይ ገዢው በአማካይ 24 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ10 ሰዓት 9ኙን ከተያዘ ግን ጥበቃው 54 ደቂቃ ይደርሳል። ሥራው በጥቂቱ ሲጨምር ጥበቃው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። የፓምፑ መለዋወጫ ተሰብሮበት ውሃው የቆመበት ገበሬ 54 ደቂቃ አይጠብቅም፤ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል።

ስለዚህ አዲሱ ሰው ሲጨመር ዓቅሙ 149 ሰዓት፥ ሥራው 138 ሰዓት ሆኖ 11 ሰዓት ቢተርፍ ባለቤቱ «ሥራ ፈት ልቀጥር ነውን?» እንዳይል በጽሑፉ መገለጽ አለበት። ያ ትርፍ ጊዜ ጭነት መኪናውና ገዢው በአንድ ሰዓት ሲመጡ መስኮቱ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ነው።

5. የገንዘቡ ስሌት

በዚህ ክፍል የሚበልጠው ጥንቃቄ የተረፈ ሰዓትን እንደ ተረፈ ብር አለመቁጠር ነው። «አዲሱ ሰው በዓመት ይህን ያህል ሰዓት ያተርፋል፥ ሰዓቱም በዚህን ያህል ብር ሲባዛ…» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። ባለቤቱ ግን የድሮዎቹን ሠራተኞች ደመወዝ እንደ ቀድሞው ይከፍላል፤ ከኪሱ መውጣት ያቆመ ብር የለም። ስለዚህ በስሌቱ የሚገባው በእውነት መውጣት የሚያቆም ወይም በእውነት መግባት የሚጀምር ገንዘብ ብቻ ነው።

ወጪው እንዲህ ነው። የረዳቱ ደመወዝ በወር 8,320 ብር ይሁን። አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ሲጨመርበት በዓመት 110,822 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ለመደርደሪያ፥ ለጠረጴዛና ለሥራ ልብስ 15,000 ብር ሲጨመር 125,822 ብር ነው።

የሚተርፈውን ግን በሁለት ዓምድ እንለየው፤ የተረጋገጠና የሚገመት።

የተረጋገጠው በወረቀት የሚታይ ነው። ደብተሩ ከቀረ በኋላ በሳምንት 8 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሥራ ይቀራል። የነባሮቹ ደመወዝ በአማካይ 10,400 ብር ቢሆን ለ208 የወር ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 50 ብር ነው። ሕጉ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ስለሚያዝ 75 ብር ይሆናል። በዓመት ሲታሰብ 31,200 ብር ነው። ከዚህም ሌላ የወሩ ማስታወቂያ ዘግይቶ በመቅረቡ ባለፈው ዓመት ለግብር ቅጣት የተከፈለ 14,000 ብር በደረሰኝ ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ 45,200 ብር ሆኑ።

የሚገመተው ደግሞ ሁለት ነው። ባለዕዳዎችን የሚከታተል ሰው ሲኖር 300,000 ብር ያህል ዱቤ በቀነ ቀጠሮው ቢሰበሰብ፥ ድርጅቱም ለባንክ ኦቨርድራፍት 16 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቢሆን፥ 48,000 ብር ወለድ ይቀራል። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ወለዱ ነው እንጂ 300,000ው ብር አይደለም፤ ገንዘቡ ዘግይቶም ቢሆን ይገባ ነበርና። ሁለተኛው በመስኮቱ ጠብቀው ሳይገዙ የሄዱ ሰዎች ጉዳይ ነው። በአራቱ የመለኪያ ሳምንታት በበሩ ላይ ተመዝግቦ የታጣው ያልተጣራ ትርፍ 4,000 ብር ሆኖ ተገኘ። ግማሾቹ በኋላ ይመለሱ ይሆናልና 2,000 ብር ብቻ ተይዞ ለዓመቱ በ13 ሲባዛ 26,000 ብር ይሆናል። የሚገመተው ሲደመር 74,000 ብር ነው።

ሁለቱ ዓምዶች በአንድነት 119,200 ብር ይሆናሉ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ድርጅቱ 6,622 ብር ከኪሱ ይጨምራል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን በዓመት 8,378 ብር ያተርፋል። ይህ ትንሽ ትርፍ ነው። ትንሽ ስለ ሆነም አሃዙን ለማሳበጥ የሚደረግ ፈተና ብርቱ ነው። ነገር ግን ትንሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነ አሃዝ፥ ትልቅ ሆኖ ከሚያጠራጥር አሃዝ ይልቅ ይታመናል።

ይልቁንም ኀላፊው ራሱ ወደ ክፉው በኩል ያስላ። የሚገመተው ገንዘብ በግማሽ ቢቀንስ ጠቅላላው ጥቅም 82,200 ብር ይሆንና ድርጅቱ በዓመት 28,622 ብር፥ በወር 2,385 ብር ያህል ይጎድልበታል። ያን ጊዜ ለባለቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ይሆናል። በወር 2,385 ብር ከፍሎ ምን ይገዛል?

የሚገዛውም ይህ ነው። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፥ ከዓቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፥ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረውን ሰው ለመተካት ነው፤ ይህም ቢሆን በቀን ከ4፥ በሳምንትም ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ግን በሕጉ ከታሰበው ውጭ ነውና፥ ክርክር ቢነሣ አሠሪው የሚከላከልበት ምክንያት ይጠፋበታል። ሁለተኛም፥ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ብቻውን ከሆነ የዓመት ዕረፍቱን ሲወስድ ወይም ሲታመም ቁልፉን የሚይዝ፥ ካርዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እነዚህ በብር አልተቆጠሩም፤ ባለቤቱ ግን ዋጋቸውን ራሱ ይመዝናል።

6. የጽሑፉ አጻጻፍ

ይህ ሁሉ ጥናት ለባለቤቱ በአንድ ገጽ ብቻ ይቅረብለት፤ መዝገቡና ስሌቱ በአባሪነት ይያያዝ። ውሳኔ የሚጠየቅበት ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይቀመጥ። አጻጻፉም ይህን ይመስላል።

«ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ።
ጉዳዩ፦ አንድ የዕቃ ቤት ረዳት ስለ መቅጠር።
በወር 8,320 ብር ደመወዝ የሚከፈለው አንድ የዕቃ ቤት ረዳት እንዲቀጠር እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በአራት ሳምንት ልኬት የክፍሉ ሥራ በሳምንት 138 ሰዓት፥ የሦስታችን ዓቅም 112 ሰዓት ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በደብተር የሚደረገው ግልባጭ ከቀረ በኋላ የቀረው ነው። በነሐሴ ወርም ጉድለቱ አልጠፋም። የሚጎድለው በዕቃ ቤቱ በኩል ስለ ሆነ ቀድሞ የጠየቅነውን የሒሳብ ሠራተኛ ትተናል። ዓመታዊ ወጪው 110,822 ብር፥ ለመጀመሪያው ዓመት 125,822 ብር ነው። የተረጋገጠ ጥቅሙ 45,200 ብር፥ የሚገመተው 74,000 ብር ነው። የሚገመተው በግማሽ ቢቀንስ በወር 2,385 ብር ያህል ጉድለት ይኖራል። ሠራተኛው በሙከራ ላይ ባለበት በ60 የሥራ ቀን ውስጥ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሦስት ነገሮች መዝግበን እናቀርባለን።
ከአክብሮት ጋር።»

በመጨረሻው መስመር የተነገሩት ሦስት ነገሮች ለባለቤቱ ዋስትና የሚሆኑ ናቸው። አዋጁ ለሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳልና፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንደኛ በሳምንት የተሠራው ትርፍ ሰዓት፥ ሁለተኛ የወሩ የግብር ማስታወቂያ የቀረበበት ቀን፥ ሦስተኛ ቀነ ቀጠሮው አልፎ ያልተሰበሰበው ዱቤ ይመዝገብ። ሦስቱም ከቅጥሩ በፊት የነበሩበት መጠን አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ በኋላ የሚነጻጸርበት አይኖርም። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ግን ለፍርድ አይበቁም። ነባሩ ጠባቂ አዲሱን ሲያስተምር የራሱን ሥራ ስለሚያዘገይ ትርፍ ሰዓቱ ለጊዜው ሊጨምር ይችላልና፥ ይህም አስቀድሞ ለባለቤቱ ይነገረው።

በአጻጻፉ ላይ ሁለት ነገር መጠበቅ ይገባል። አንደኛው፥ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀጠረው ሰው ስም አይግባ። «የእገሌ ልጅ ሥራ ይፈልጋል» የሚል ቃል ከገባበት፥ ስሌቱ ምንም ያህል የቀና ቢሆን፥ ሥራው ለሰው እንጂ ሰው ለሥራው እንዳልተፈለገ ሆኖ ይነበባል። መጀመሪያ መደቡ ይፈቀድ፤ ሰው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው፥ ጽሑፉ ሱቁ በተጨናነቀበት ሳምንት አይቅረብ። በዚያ ሳምንት ባለቤቱ ችግሩን በዓይኑ ስለሚያየው የሚስማማ ይመስላል፤ ግፊያው ባለፈ ጊዜ ግን «ያ የገበያው ግርግር ነበር» ብሎ ይተወዋል። የባቱ ነጋዴ በሐምሌ 1 አዲስ የሒሳብ ዓመት ይጀምራልና የሚመረጠው ጊዜ የሰኔ ቆጠራ ተጠናቆ የመጪው ዓመት ወጪ በሚታሰብበት ወቅት ነው።

ባለቤቱ ጽሑፉን አይቶ እምቢ ቢል እንኳ ልኬቱ ከንቱ አይሆንም። ያን ጊዜ ኀላፊው በሁለተኛ ጥያቄ ይቅረብ፤ ይኸውም 138 ሰዓት ሥራ በ112 ሰዓት ስለማይሠራ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ሥራ እንዲቀር ባለቤቱ ራሱ ምልክት ያድርግበት የሚል ነው። ቆጠራው ይቅር፥ ወይም ዱቤው ይቅር፥ ወይም መስኮቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይዘጋ። ባለቤቱ እርሳሱን ይዞ ከዝርዝሩ አንዱን ለመሠረዝ በሞከረ ጊዜ፥ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ከፊቱ ተጽፎ ያገኘዋል።